ሞተርን ወደ ኋላ ማዞር

በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ እሸት ቡናን ወደ መፈልፈያ የሚያደርስ ጠመዝማዛ ማጓጓዣ በእንጨት ስብርባሪ ተሰነቀረ እንበል። ለማላቀቅ ሞተሩን ጥቂት ወደ ኋላ እናዞራለን።

በባለ ሦስት ፌዝ ሞተር የመግነጢሳዊ መስኩ አዟዟር የሚወሰነው በፌዞቹ ቅደም ተከተል ስለሆነ ሁለቱን መስመሮች ማለዋወጥ ይበቃል። ሦስቱንም በዙር ብናዛውር ግን ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ልውውጡን የሚፈጽሙት ሁለት ኮንታክተሮች ናቸው። ሁለቱ በአንድነት ቢስቡ በመካከላቸው 380 ቮልት ያለ ሁለት ፌዞች በቀጥታ ይገናኛሉ። ስለዚህ የአንዱ ኮንታክተር ረዳት መጋጠሚያ፣ በዕረፍት ጊዜ የሚገናኘው ማለታችን ነው፣ ከሌላው ጥቅል ጋር በተከታታይ ይያያዛል፤ አንዱ ሲስብ የሌላው መስመር ይቆረጣል። ዋናው መጋጠሚያ ቀልጦ ቢጣበቅ ግን ረዳቱ ሁልጊዜ አብሮት ላይቆይ ይችላል። በኮንታክተሮቹ መካከል የሚገባው ሜካኒካዊ መቆለፊያ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ባለ ካፓሲተሩ የነጠላ ፌዝ ሞተር ግን ገቢ ሽቦዎቹ ቢለዋወጡም በዚያው አቅጣጫ ይዞራል፤ በሁለቱም ጥምጥሞች ፍሰቱ አብሮ ይገለበጣልና። መገልበጥ ያለበት የማስነሻው ጥምጥም ብቻ ነው። ይህን ጥምጥም ደግሞ ሞተሩ ፍጥነት ሲያገኝ በሽክርክሪት ኃይል የሚሠራው ማብሪያ ይቆርጠዋል፤ በዚያን ጊዜ የኋላውን ቁልፍ ብንጫን ሞተሩ ወደ ፊት መዞሩን ይቀጥላል። ስለዚህ አጥፍተን፣ ማብሪያው ሲመለስ የሚያሰማውን «ቀጭ» ሰምተን፣ ዘንጉም ጨርሶ ሲቆም እንጫናለን።