ኦአርኤስ ቤት ውስጥ ከሌለስ?

በ2015 ዓ.ም. ክረምት እዚሁ ቋራ ወረዳ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ኮሌራ መከሰቱን ታስታውሳላችሁ። ኮሌራም ሆነ ሌላ አጣዳፊ ተቅማጥ ሰውን ቶሎ የሚጥለው ከሰውነት ውሃና ጨው ስለሚያስወጣ ነው። በገለጉ ሙቀት ደግሞ በላብም ይወጣል።

የመጀመሪያው ምርጫ ከፋርማሲ ወይም ከጤና ጣቢያ የሚገኘው ኦአርኤስ፣ ለምለም የምንለው ነው። እሱ እስኪገኝ፦

👉 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ (ሁለት ባለግማሽ ሊትር ሃይላንድ)
👉 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር
👉 ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው

ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ አይቆለል።

እናቶች "ዶክተር፣ ስኳሩ ለምንድን ነው?" ይሉኛል። ለጣዕም አይደለም፤ አንጀት ጨውና ውሃውን እንዲስብ የሚያግዘው እሱ ነው። ጨው ሲበዛ ግን ልጁን ይጎዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁ ቅመሱት፤ ከእንባ በላይ ጨዋማ ከሆነ ድፉትና እንደገና አዘጋጁ። 24 ሰዓት ያለፈውንም ድፉት።

ለምሳሌ ልጁ የ1 ዓመት ተኩል ከሆነ፣ ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ በማንኪያ ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቁና ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ጡትም አይቋረጥ።

ይሄ መጠጥ የወጣውን ይተካል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም። ስለዚህ እነዚህን ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፦

🔴 ዓይኑ ከጎደጎደ
🔴 ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው
🔴 የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ
🔴 6 ሰዓት ሙሉ ካልሸና
🔴 የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ
🔴 ሰገራው ደም ካለው ወይም የሩዝ እጣቢ ከመሰለ

መዋጥ ከቻለ መንገድ ላይም እያጠጣችሁት ሂዱ።