ውኃ የማይፈትነው የእንቁላል ችግር

ብዙዎቻችን እንቁላል የምንመርጠው እናቶቻችን ባስተማሩን ዘዴ ነው። ጆሮ አጠገብ አድርገን እንነቀንቃለን፤ ወደ ፀሐይ አንሥተን እናያለን፤ ካልሆነም ውኃ ውስጥ እንከታለን። እነዚህ ዘዴዎች ጥሩ ናቸው። ነገር ግን የሚነግሩን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም እንቁላሉ ብዙ መቆየቱን ወይም አለመቆየቱን ነው። በሽታ አምጪ ጀርም ያለበት መሆኑን አይነግሩንም።

በጅዳና በመካ ቤቶች የምትሠሩ እኅቶች በቤት የሚመታ ማዮኔዝ፣ የነጭ ሽንኩርት ስልስ፣ የሰላጣ ማጣፈጫ፣ አልፎ አልፎም በወተትና በማር የተመታ ጥሬ እንቁላል አዘጋጁ ትባላላችሁ። ሰው ቢታመም ደግሞ በመጀመሪያ የምትጠየቀው ወጥ ቤት የነበረችው ናት። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የውኃው ፈተና የት ድረስ እንደሚያገለግልና ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባ እንመለከታለን።

የውኃው ፈተና ምን ይነግረናል?

የእንቁላል ቅርፊት በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። እንቁላሉ በቆየ መጠን ከውስጡ እርጥበት በእነዚህ ቀዳዳዎች ይወጣል፤ በምትኩም አየር ይገባል። በወፍራሙ ጫፍ በኩል ያለው የአየር ኪስም እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ እንቁላል ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሲገባ ከታች ጋደም ብሎ ይተኛል። ትንሽ የቆየው አንዱ ጫፉ ቀና ይላል። ይበልጥ የቆየው ከታች ሳይነሣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጣም ያረጀው ግን ይንሳፈፋል።

የቆመውን እንቁላል በደንብ ቀቅሎ ወይም ጠብሶ መብላት ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድማችሁ በትንሽ ሳህን ለብቻው ሰብራችሁ አሽቱት። የተንሳፈፈውን መጣል ይሻላል። ሲሰበር አስኳሉ ጉብ ያለና ነጩም ዙሪያውን ሰብሰብ ያለ ከሆነ አዲስ ነው። አስኳሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ነጩ እንደ ውኃ ከፈሰሰ ቆይቷል። መጥፎ ሽታ ካለው ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ለውኃው ፈተና የምታስገቡት ወዲያው የምትሠሩበትን እንቁላል ብቻ ይሁን። ሁሉንም አጥባችሁ ፍሪጅ መክተት ጥሩ አይደለም። ቅርፊቱን የሚሸፍን ቀጭን የተፈጥሮ መከላከያ አለ፤ ሲታጠብ ይለቃል። በተለይ ሞቅ ያለ እንቁላል በቀዝቃዛ ውኃ ሲታጠብ ውስጡ ይኮማተርና ከቅርፊቱ ላይ ያለውን ቆሻሻ በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል።

አቀማመጡ

እንቁላል ከገበያ እንደመጣ በካርቶኑ እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ፣ በውስጠኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ቅዝቃዜው 4 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። በፍሪጁ በር ላይ ያለው የእንቁላል ማስቀመጫ የሚያምር ቢሆንም፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚሞቀው እርሱ ነው። ሾጣጣው ጫፍ ወደ ታች ይሁን። አንድ ጊዜ የቀዘቀዘ እንቁላል ውጭ አይደር፤ በጅዳ እርጥበታማ አየር ቅርፊቱ ወዲያው ያልበዋል፤ በዚያ እርጥበት ጀርም ይራባል። የተሰነጠቀ እንቁላል ካገኛችሁ ለጥሬ ነገር ቀርቶ ለማቆየትም አይሆንም።

ጀርሙ ከየት ይመጣል?

በእንቁላል የሚተላለፈው ዋናው ጀርም ሳልሞኔላ ይባላል። ብዙ ሰው ከዶሮዋ ኩስ ቅርፊቱ ላይ ብቻ የሚለጠፍ ይመስለዋል። ይህ አንዱ መንገድ ነው። ሁለተኛው ግን የሚያታልለው ነው። ዶሮዋ ራስዋ በጀርሙ ተይዛ ከሆነ፣ ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት ጀርሙ እንቁላሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለው እንቁላል ዛሬ የተጣለ፣ ንጹሕና ያልተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ውኃ ውስጥ ይተኛል፤ አይሸትም፤ ቀለሙም ጣዕሙም አይለወጥም።

እንዲህ ያለ እንቁላል የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። «ሁልጊዜ እንሠራዋለን፤ ማንም ታሞ አያውቅም» የሚባለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ስድስት እንቁላል አንድ ላይ ሲመታ፣ አንዱ ብቻ ጀርም ቢኖረው ሁሉም ይበከላል፤ የበሉትም ሁሉ ይጋለጣሉ። በሕንድ የኬረላ ክፍለ ሀገር መንግሥት በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥሬ እንቁላል የሚሠራ ማዮኔዝን የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። በ2024 በሪያድ በማዮኔዝ ምክንያት ስለታመሙት ሰዎች የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ያኛው ቦቱሊዝም የሚባል ሌላ በሽታ ነበርና ከዚህኛው ጋር አታቀላቅሉት።

አንድ የኢፍጣር ቀን

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በጅዳ አንድ ቤት እንዲህ ሆነ እንበል። ቀኑ የረመዳን ነው። ሠራተኛዋ በአገራችን አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ አራት እንቁላል ውኃ ውስጥ ፈተነች፤ አራቱም ተኙ። እጅዋን ታጥባ እንቁላሎቹን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዘይትና ከግማሽ ሎሚ ጋር በመፍጫ መታች። ስልሱን ከሰላጣው ጋር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። እስከ ኢፍጣር፣ ማለትም እስከ 12 ሰዓት ከ30 ድረስ እዚያው ቆየ። የተረፈው ፍሪጅ ገባ፤ ለሱሁር እንደገና ወጣ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ትንሹ ልጅ ትኩሳትና ተቅማጥ ያዘው፤ አያቱም አስመለሳቸው፤ ሠራተኛዋንም ሆድዋን ቆረጣት። ማዳም «ያረጀ እንቁላል ሰጠሽን» አለች።

እንቁላሉ ግን አላረጀም ነበር። ስሕተቱ ሦስት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው፣ ሳይበስል መቅረቡ ነው። ሁለተኛው፣ ከሦስት ሰዓት በላይ በሞቀ ክፍል መቆየቱ ነው። ሳልሞኔላ ሙቀት ሲያገኝ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እጅግ ይበዛል። እንቁላል ያለበት ምግብ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሦስተኛው፣ የተረፈው መመለሱ ነው። ፍሪጅ ጀርሙ እንዳይበዛ ይይዘዋል እንጂ የበዛውን አይገድልም።

«ሎሚው አይገድለውም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ብዙ ኮምጣጣ ነገር ጀርሙን ያዳክመዋል፤ ፋብሪካዎችም ኮምጣጣውን በልክ ያስገባሉ፤ እንቁላሉንም አስቀድመው በሙቀት ያክማሉ። በቤት ውስጥ ግማሽ ሎሚ ጨምቆ በዚያ መታመን ግን አይቻልም። ነጭ ሽንኩርትና ማርም እንዲሁ ናቸው። የሚታመነው እሳት ነው።

ታዲያ እንዴት እንሥራው?

ቀላሉ መንገድ ከሱቅ የተገዛ፣ ቀኑ ያላለፈበት ማዮኔዝ ወስዶ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ትንሽ እርጎ መቀላቀል ነው። የቤት ማዮኔዝ የግድ ከተባለ ግን አስኳሉን አስቀድሞ በእሳት ማብሰል ይቻላል።

ሁለት አስኳል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በትንሽ ድስት አድርጉ። በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ ሳታቋርጡ አማስሉ። ወፈር ብሎ አንድ ሁለት ቦታ ላይ አረፋ ብቅ ሲል ወዲያው አውርዱት። እሳቱ ከበረታ ወይም ማማሰሉ ከተቋረጠ እንደ እንቁላል ፍርፍር ይቋጠራል፤ ያን ጊዜ ሌላ መጀመር ነው። አራት ደቂቃ ያህል ቀዝቀዝ ካለ በኋላ መፍጫው ውስጥ ጨምራችሁ፣ መፍጫው እየሠራ አንድ ኩባያ ዘይት እንደ ቀጭን ክር አፍስሱበት። ዘይቱ በአንድ ጊዜ ከገባ አይያያዝም። ሲያልቅ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይግባ፤ ለገበታም የሚበቃው ብቻ በትንሽ ሳህን ይውጣ። ሳህኑ ላይ የተረፈው አይመለስም።

በወተት ለሚጠጣው እንቁላልም መንገዱ ያው ነው። የፈላ ወተት እንቁላሉ ላይ ማፍሰስ በቂ አይመስለን፤ ወተቱ ቀዝቃዛ ኩባያና ቀዝቃዛ እንቁላል ሲነካ ሙቀቱ ይወርዳል። አንድ እንቁላል ከአንድ ኩባያ ወተት ጋር ገና ቀዝቃዛ ሳለ ምቱት። ከዚያ በዝቅተኛ እሳት እያማሰላችሁ አሙቁት። ማንኪያውን ስታወጡት ጀርባውን በስሱ ሸፍኖ፣ በጣት ሲሰመርበት መስመሩ ሳይደፈን ከቀረ በስሏል። ቴርሞሜትር ካለ 71 ዲግሪ ማሳየት አለበት። ማሩን ከዚያ በኋላ ጨምሩ። ጥሬ እንቁላል የነካው መፍጫ፣ ሳህንና እጅ ደግሞ ሰላጣ ከመንካቱ በፊት በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ።

ለማዳም መንገርና ሰው ሲታመም

ትእዛዙን እምቢ ማለት ለብዙዎቻችሁ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ እምቢ ከማለት ይልቅ ሌላ አማራጭ አቅርቡ። «ማዳም፣ ሃዳ በይድ ነይ» ማለት ይህ ጥሬ እንቁላል ነው ማለት ነው። ቀጥላችሁ በእሳት እንደምታበስሉት፣ ጣዕሙም እንደማይጠፋ ንገሩ። በተለይ በቤቱ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ ሽማግሌ ወይም ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ይህን አስታውሱ፤ በእነርሱ ላይ ይበረታል።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከበሉ ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ትኩሳት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል፤ አብዛኛው ሰው ከ4 እስከ 7 ቀን ይድናል። ዋናው አደጋ የፈሳሽ ማነስ ነው። ከፋርማሲ የሚገኘው የተቅማጥ ዱቄት ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም የተደላደለ እንጂ ያልተቆለለ፣ በጥብጣችሁ ቀስ በቀስ ስጡ። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ ሕፃኑ ከደከመ ወይም ከሦስት ቀን ካለፈ ሐኪም ያስፈልጋል። በሳዑዲ ዓረቢያ የጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ 937፣ የአምቡላንስ 997 ነው። እናንተም ከታመማችሁ ደብቃችሁ ምግብ መሥራት አትቀጥሉ፤ ጀርሙ ከእጅ ወደ ምግብ ይተላለፋልና ለማዳም ንገሩ። ምን እንደተበላና በስንት ሰዓት እንደተሠራ ማስታወስም ሐኪሙን ይረዳዋል፤ እናንተንም ከከንቱ ወቀሳ ያድናችኋል።