ሁለቱ ካሸሮችሽ ሲጣሉ

እህቴ፣ ሱፐርቫይዘር ከሆንሽ ወዲህ ሥራው ሳይሆን የሁለቱ ካሸሮችሽ ጠብ እንቅልፍ እንደነሳሽ ነግረሽኛል። ነባሩ ሰውዬ ምሳ ወጥቶ ይዘገያል፤ ወረፋው አዲሷ ልጅ ላይ ይከመራል። እሱ ደግሞ «መስኮቷን ያለ ሰዓቷ እየዘጋች ደንበኛ ትገፋብኛለች» ይላል። ዛሬ በሰው ፊት ተጯጯሁ። በይ ቁጭ በይና ስሚኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ እዚያው ቆመሽ «ማን ጀመረው?» እንዳትዪ። ደንበኛ ፊት ከጠየቅሽ ሁለቱም የሚመልሱት ለአንቺ ሳይሆን ለወረፋው ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ኋላ አይልም። ለሁለቱም እኩል በሚሰማ ድምፅ «ሥራ ስንጨርስ ሁለታችሁንም አነጋግራለሁ፤ አሁን ሰው ይስተናገድ» በይና ወደ ቦታሽ ተመለሺ።

ከዚያ ለየብቻ ስሚያቸው፤ እዚያው ክፍል፣ ያንኑ ያህል ጊዜ፣ በዚያው ቀን። ለአንዷ ግማሽ ሰዓት ሰጥተሽ ሌላውን ኮሪደር ላይ ካነጋገርሽው፣ ምንም ብትወስኚ ቢሮው ሁሉ ወገንሽን ለይቶ ጨርሷል። ጥያቄሽም ለሁለቱም አንድ ይሁን፦ ምን ሆነ? አንተ ራስህ ያየኸው የትኛውን ነው? ከነገ ጀምሮ ምን እንዲለወጥ ትፈልጋለህ? ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆዪ። ልጅቷ «ይቀጣልኝ» ልትልሽ ነው ብለሽ ስትጠብቂ፣ «በሰዓቱ ይመለስ፣ ደንበኛ ፊት ደግሞ "ገና ልጅ ነሽ" አይበለኝ» ስትልሽ ትሰሚያለሽ። ጠቡ የምሳ ብቻ እንዳልሆነ የምታውቂው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ የኔ ቆንጆ ትንፋሽሽን ተቆጣጠሪ። ሰው ሲያወራን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» ማለት ልማዳችን ነው። እኛ «እየሰማሁ ነው» ማለታችን ነው፤ የተበደለ ሰው ግን «ልክ ነህ አለችኝ» ብሎ ይወጣል። «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለት ይበቃል። ከመለያየታችሁ በፊትም «ከነገርሽኝ ውስጥ እሱ ፊት ባነሳው የማትፈልጊው አለ?» ብለሽ ጠይቂ፤ እሱንም እንዲሁ።

ከዚህ በኋላ ብዙዎች «ሁለታችሁም አጥፍታችኋል» ብለው ጥፋቱን እኩል ይከፍሉታል። አደራ፣ አታድርጊው። እኩል መሆን ያለበት ጆሮሽ እንጂ ጥፋቱ አይደለም። ሁለቱም ሲስተም የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት አውጪ፣ የሁለት ሳምንቱን። እሱ በብዙ ቀን ሩብ ሰዓት ዘግይቶ፣ እሷ ሁለት ቀን ብቻ ቀድማ ዘግታ ከተገኘች እንዳለው ንገሪያቸው። እኩል ካደረግሽው በሰዓቱ የምትገኘዋ ልጅ በሰዓቱ መገኘት ምንም እንደማያመጣላት ትማራለች።

አንድ ላይ ስታስቀምጫቸው አንቺ ከአንዱ ጎን እንዳትቀመጪ፤ ሦስታችሁም እንድትተያዩ ወንበሩን አስተካክዪ። እሱን «ጋሼ፣ እርስዎ» እሷን «አንቺ» ትያቸዋለሽ፤ ያ አነጋገር ብቻውን ልጅቷን ዝቅ ያደርጋታል። የእሱን ክብር መቀነስ ነውር ስለሆነ ለዚያች ሰዓት እሷንም «እርስዎ» በያት። ስብሰባው ነው ያስባለኝ ብትያቸው ማንም አይቀየምም።

እንደ ሰፈር ሽማግሌ «በሉ ተሳሳሙ» ብለሽ እንዳትዘጊው ደግሞ። ይቅርታው መልካም ነው፤ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ግን ያው የምሳ ተራ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ በጽሑፍ አስቀሪው፦ ማን ስንት ሰዓት ይወጣል፣ ስንት ሰዓት ይመለሳል፣ የሚዘገይ ለማን ይደውላል፣ መስኮት ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻው ደንበኛ እንዴት ይስተናገዳል። ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፣ ለሁለቱም ኮፒ ስጪ።

ምሳ ከልጅቷ ጋር እንደምትበዪ አውቃለሁ። ድንገት ብታቋርጪ እሷን ቀጣሽ ይባላል፤ ብቻችሁን ብትቀጥሉም ሌላ ይባላል። ነገሩ እስኪረግብ ሌሎችንም ጨምረሽ ብዪ፤ ጉዳዩንም ማዕድ ላይ አታንሺው።

የማትሸመግዪውም አለ፣ እናቴ። እጅ ከተነሳ፣ ብሔር ወይም ሃይማኖት ከተሰደበ፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ካለ፣ ካዝና ላይ ጉድለት ከተገኘ፣ ያየሽውን በቀን በሰዓት ጽፈሽ ያንኑ ቀን ለሥራ አስኪያጁና ለሰው ሀብት አስተላልፊ። በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት በሥራ ቦታ አምባጓሮ መፍጠር እንደ ክብደቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቡና ላይ አስታርቀሽ የምታልፊው አይደለም።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ያንኑ የሰዓት መዝገብ እንደገና አውጥተሽ ለየብቻ አሳዪያቸው። በመሃል አንዱ ሌላውን ሊከስልሽ ከመጣ፣ ከመስማትሽ በፊት «ለእሷ ነግረሃታል?» በይው። ካልነገራት መጀመሪያ ይንገራት።