የክሊኒኩ ሳምንት በአንድ ገጽ

ጥያቄ፦ በጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ አነስተኛ ክሊኒክ የሚያስተዳድሩ አንባቢ የሳምንቱ ሪፖርታቸው አሥራ ሁለት ግራፍ እንዳለውና ሐኪሞቹ እንደማያነቡት ጽፈዋል። የትኛው ይቅር?

መልስ፦ ምርጫው የሚጀምረው ከግራፉ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት ከሚወሰነው ነገር ነው። ማንም ምንም የማይወስንበት ቁጥር ከገጹ ይወጣል።

ለምሳሌ በሳምንቱ 120 ቀጠሮ ተይዞ በ96ቱ ታካሚ መጣ እንበል። የቀሩት 24፣ ማለትም 20 በመቶ ናቸው። ዓይን መጀመሪያ በሚያርፍበት፣ ከላይ በስተግራ፣ ይህ መቶኛ በትልቁ ይጻፍ፤ ከጎኑም ያለፉት ስምንት ሳምንታት አማካይ ይቀመጥ።

ከሥሩ ሁለት ግራፍ ይበቃል። አንዱ የ13 ሳምንታት ጉብኝት በመስመር ያሳያል። ሌላው በየቀኑ የቀሩትን በመቶኛ በባር ያሳያል፤ ከባሩ አጠገብም የቀጠሮው ብዛት ይጻፋል። ሰኞ ከ30 ቀጠሮ 12 ከቀሩ 40 በመቶ ነው፤ በሌሎቹ ቀናት ግን ከ90 የቀሩት 12፣ ማለትም 13 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የማስታወሻ ስልክ መደወል ያለበት ለሰኞ ታካሚዎች ነው። ቀይ ቀለምም ለዚያ አንድ ባር ብቻ ይቀመጥ፤ ቀሪው ግራጫ ይሁን።

ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። ያላለቀው ሳምንት በመስመሩ ላይ ከገባ ጉብኝት ያሽቆለቆለ ይመስላል። ሦስት ጊዜ የመጣ አንድ ሰውም እንደ ሦስት ታካሚ ይቆጠራል፤ ርዕሱ «ጉብኝት» ወይስ «ታካሚ» እንደሆነ ይለይ።

ገጹ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ የታካሚ ስም አይጻፍበትም።