የቅናሽ ኮድ የማይቆጥረው ሽያጭ፦ ከአነስተኛ ይዘት ፈጣሪዎች ጋር በሚደረግ የውበት ምርት ማስተዋወቅ የክፍያና የልኬት ጥያቄ

መግቢያ

የፀጉር ቅባት፣ ሎሽን ወይም የፊት ሳሙና የሚያመርት አነስተኛ ድርጅት ምርቱን በማኅበራዊ ሚዲያ ለማስተዋወቅ ሲነሣ፣ ዝነኛ ሰው ከመቅጠር ይልቅ ከጥቂት ሺህ እስከ ጥቂት አሥር ሺህ ተከታይ ካላቸው ይዘት ፈጣሪዎች ጋር መሥራቱ አቅሙን ያገናዘበ ምርጫ ነው። የአነስተኛ ይዘት ፈጣሪ ክፍያ ዝቅተኛ ነው፤ ከተመልካች ለሚቀርብ ጥያቄም ራሱ መልስ ይሰጣል። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ድርጅቱ ገንዘቡ ምን እንዳስገኘለት ማወቅ ይፈልጋል፤ ይዘት ፈጣሪው ደግሞ ለድካሙ ተገቢውን ዋጋ ይጠብቃል።

ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ይሆናል ተብሎ በቅድሚያ የሚታሰበው የቅናሽ ኮድ ነው። ለእያንዳንዱ ይዘት ፈጣሪ የተለየ ኮድ ይሰጣል፤ ኮዱን ጠቅሶ የገዛ ደንበኛ ቅናሽ ያገኛል፤ ይዘት ፈጣሪው በተቆጠረው ልክ ኮሚሽን ይከፈለዋል። አሠራሩ ለሁለቱም ወገን ግልጽ ይመስላል። ይህ ጽሑፍ የሚያሳየው ግን፣ ግዢ በስልክና በቴሌግራም በሚፈጸምበት ገበያ ኮዱ ብቻውን የተጓደለ መለኪያ መሆኑን፣ ጉድለቱንም የሚሸከመው በአብዛኛው ይዘት ፈጣሪው መሆኑን ነው። ስለዚህ የፍትሐዊ ውል ጥያቄና የትክክለኛ ልኬት ጥያቄ ተነጣጥለው ሊታዩ አይችሉም።

ኮዱ የሚቆጥረውና የሚያመልጠው

በድረ ገጽ ላይ በሚካሄድ ግብይት ኮዱ የሚጻፍበት ቦታ ከክፍያው በፊት ለገዢው ይቀርብለታል፤ መዝጋቢውም ሥርዓቱ ራሱ ነው። በአዲስ አበባ ያለ አነስተኛ አምራች ግን ትእዛዝ የሚቀበለው በስልክ ወይም በቴሌግራም መልእክት፣ ገንዘብ የሚቀበለው በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር፣ ዕቃውን የሚልከው ደግሞ በሞተር ሳይክል አድራሽ ሊሆን ይችላል። በዚህ መንገድ ላይ ኮዱ የሚመዘገበው ገዢው አስታውሶ ከተናገረና ትእዛዝ ተቀባዩ ከጻፈው ብቻ ነው።

ስለዚህ ኮዱ በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታል። በአንድ በኩል አሳንሶ ይቆጥራል፤ ቪዲዮውን አይታ ከአሥር ቀን በኋላ የምትደውል ደንበኛ ኮዱን ትረሳዋለች፤ ሌላዋ ለእኅቷ ትነግራትና እኅቷ ምንም ሳትጠቅስ ትገዛለች፤ ሦስተኛዋ በሰፈሯ ካለ የውበት ሳሎን ጠይቃ ታገኘዋለች። በሌላ በኩል አብዝቶ ይቆጥራል፤ ቀድሞም በየወሩ የምትገዛ ደንበኛ ቅናሽ መኖሩን ስትሰማ ኮዱን ትጠቀማለች። ይህ ሽያጭ በማስተዋወቁ የመጣ ባይሆንም በይዘት ፈጣሪው ስም ይመዘገባል።

ሦስት መለኪያዎችን ጎን ለጎን ማስኬድ

የኮዱን ጉድለት ለማሟላት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የመጀመሪያው መለኪያ ራሱ ኮዱ ነው፤ ነገር ግን በስልክ ሲነገር የማያሻማ ቃል መሆን አለበት። የይዘት ፈጣሪው መጠሪያ ከተደበላለቁ ፊደላትና ቁጥሮች ይልቅ በቀላሉ ይታወሳል።

ሁለተኛው መለኪያ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ስለ ምርታችን የሰሙት ከየት ነው?» ጥያቄው ክፍት ሆኖ መቅረብ ይገባዋል። ትእዛዝ ተቀባዩ «ከእገሊት ቪዲዮ ነው?» ብሎ ከጠየቀ ደንበኛዋ ለትሕትና ስትል «አዎ» ልትል ትችላለች። መልሱ ከትእዛዙ ጋር በአንድ መስመር ይመዘገባል፤ «አላስታውስም» የሚለውም መልስ እንደ ሌሎቹ ይጻፋል።

ሦስተኛው መለኪያ የመነሻ ሽያጭ ነው። ማስተዋወቁ ከመጀመሩ በፊት ያሉ አራት ሳምንታት ሽያጭ ተመዝግቦ ከማስተዋወቂያው አራት ሳምንታት ጋር ይነጻጸራል። እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩን መመልከት ግድ ነው። የውበት ምርት ፍላጎት በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ እንዲሁም ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር ሊጨምር ይችላል። መነሻው በዐቢይ ጾም፣ ማስተዋወቁ ደግሞ በፋሲካ ሰሞን ቢውል በዓሉ ያመጣው ጭማሪ የቪዲዮው ውጤት መስሎ ይታያል።

ምሳሌያዊ ስሌት

የሚከተለው ምሳሌ የአንድ የተወሰነ ድርጅት መረጃ ሳይሆን ስሌቱን ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። አንድ አምራች የፀጉር ቅባት በ600 ብር ይሸጣል፤ የአንዱ ጠርሙስ ወጪ 280 ብር ስለሆነ 320 ብር ይተርፈዋል። ከስድስት ይዘት ፈጣሪዎች ጋር ይዋዋላል። ለእያንዳንዳቸው ለሁለት ቪዲዮ 4,000 ብር ቋሚ ክፍያና ሁለት ጠርሙስ ይሰጣል፤ ጠቅላላው ቋሚ ወጪ 27,360 ብር ይሆናል። በኮድ ለሚገዛ ደንበኛ 50 ብር ይቀነሳል፤ ለይዘት ፈጣሪው ደግሞ በእያንዳንዱ ሽያጭ 50 ብር ኮሚሽን ይታሰባል።

የመነሻው ሽያጭ በሳምንት በአማካይ 40፣ በአራት ሳምንት 160 ጠርሙስ ነበር። በማስተዋወቂያው አራት ሳምንታት 300 ጠርሙስ ተሸጠ። ከእነዚህ ውስጥ 85ቱ በኮድ የተገዙ ናቸው። ኮድ ካልጠቀሱት መካከል 70ዎቹ ስለ ምርቱ የሰሙት ከአንዱ ይዘት ፈጣሪ መሆኑን በጥያቄው ላይ ተናግረዋል።

ኮዱ ብቻ ቢታይ ማስተዋወቁ ኪሳራ ነው። ከቅናሽና ከኮሚሽን በኋላ በአንድ ጠርሙስ 220 ብር ስለሚተርፍ፣ 85 ሽያጭ የሚያስገኘው 18,700 ብር ነው፤ ከቋሚው ወጪ በ8,660 ብር ያንሳል። ሦስቱ መለኪያዎች አብረው ሲታዩ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። በኮድና በጥያቄ የተገኘው ድምር 155 ሲሆን፣ ከመነሻው በላይ የተሸጠው 140 ነው። ሁለቱ አኃዞች መቀራረባቸው መለኪያዎቹ እርስ በርስ እንደሚደጋገፉ ያሳያል፤ የ15ቱ ልዩነት ደግሞ ያለ ማስተዋወቁም ይገዙ በነበሩ ደንበኞች ሊገለጽ ይችላል።

አምራቹ በጥያቄ ለተለዩት 70 ሽያጮችም ኮሚሽን ቢከፍል ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል። ከ300 ጠርሙስ የሚተርፈው 96,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የ85ቱ ቅናሽና ኮሚሽን 8,500 ብር፣ የ70ዎቹ ኮሚሽን 3,500 ብር፣ ያለ ማስተዋወቅም ይገኝ የነበረው 51,200 ብርና ቋሚው ወጪ 27,360 ብር ሲቀነሱ 5,440 ብር ትርፍ ይቀራል። በአንዱ ስሌት መቋረጥ የነበረበት ሥራ በሌላው ስሌት የሚቀጥል ሆኖ ተገኝቷል።

በይዘት ፈጣሪዎቹ በኩል ልዩነቱ የበለጠ ይከብዳል። ውሉ በኮድ ኮሚሽን ብቻ ቢሆን ኖሮ ስድስቱ ተካፍለው የሚያገኙት 4,250 ብር፣ ማለትም በአማካይ ለአንድ ሰው 708 ብር ገደማ ነበር፤ ያውም ምርቱን ሞክሮ፣ ሁለት ቪዲዮ ቀርጾና አቀናብሮ፣ ለጥያቄዎች መልስ ሰጥቶ። ትእዛዝ ተቀባዩ ኮድ መጠየቅ ቢረሳ እንኳ ዋጋውን የሚከፍሉት እነርሱ ይሆኑ ነበር።

ከስሌቱ የሚወጡ የውል ነጥቦች

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ነጥብ ክፍያው ሁለት ክፍል እንዲኖረው ነው። ቋሚው ክፍያ የሥራ ዋጋ ነው፤ በተመልካች ብዛትም ሆነ በሽያጭ ላይ አይንጠለጠልም። ግማሹ ምርቱ ሲሰጥ፣ ቀሪው ቪዲዮው በወጣ በሰባት ቀን ውስጥ ቢከፈል ለሁለቱም ወገን ዋስትና ይሆናል። ኮሚሽኑ የውጤት ድርሻ ነው፤ በኮድም በጥያቄም የተለየውን ሽያጭ ያካትታል። መዝገቡን የሚይዘው ድርጅቱ ስለሆነ፣ የደንበኞች ስምና ስልክ ተነሥቶ በየሳምንቱ ለይዘት ፈጣሪው መላክ አለበት።

ሁለተኛው ነጥብ ሐቀኛ አስተያየትን ይመለከታል። ይዘት ፈጣሪው ምርቱን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይሞክራል፤ ከዚያ በፊት ጥቂት በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ቀብቶ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጠብቃል። ማሳከክ ወይም መቅላት ከታየ ያለ ቅጣት ከውሉ የመውጣት መብቱ በጽሑፍ ይሰፍራል። ክፍያ እንደተቀበለም በቪዲዮው መጀመሪያ በቃል ይናገራል፤ በመድረኩ ላይ ያለውንም የማስታወቂያ መግለጫ ያበራል። «ፀጉርን ያለሰልሳል» ማለትና «የፀጉር መነቃቀልን ይፈውሳል» ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛው የሕክምና ይዘት አለው፤ ማስረጃ ከሌለውም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ከሚከለክለው አሳሳች ማስታወቂያ ይመደባል። ስለዚህ የማይባሉ ነገሮች ዝርዝር ከምርቱ ጋር አብሮ ይሰጣል።

ሦስተኛው የቪዲዮው ቀጣይ አጠቃቀም ነው። ድርጅቱ ቪዲዮውን በራሱ የቴሌግራም ቻናል ወይም በሚከፈልበት ማስታወቂያ ላይ ሊያውለው ከፈለገ ቦታው፣ ጊዜውና ተጨማሪ ዋጋው ተለይቶ ይጻፋል። ይህ ካልተጻፈ የአንድ ወር ሥራ የሰው ፊት ለዓመታት በነጻ የሚሠራበት ይሆናል።

የአሠራሩ ገደቦች

ልኬቱ በምርጫ ላይ የተሠራን ስሕተት አያርምም። የአንድ አማርኛ ተናጋሪ ይዘት ፈጣሪ ተመልካቾች በከፊል በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በአሜሪካ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ቪዲዮውን ቢወዱትም በሞተር ሳይክል የሚደርሳቸው ዕቃ የለም። ስለዚህ ከውል በፊት ተመልካቾቹ በየአገሩ ያላቸው ድርሻ ከይዘት ፈጣሪው የሒሳብ ገጽ ታይቶ መታወቅ አለበት።

ሌላው ገደብ የቁጥሮቹ ማነስ ነው። በሳምንት 40 ጠርሙስ የሚሸጥ ድርጅት ያለ ምንም ምክንያት በአንዱ ሳምንት 34፣ በሌላው 46 ሊሸጥ ይችላል። የ140 ጠርሙስ ጭማሪ ከዚህ ተፈጥሯዊ መዋዠቅ እጅግ ስለሚበልጥ ትርጉም አለው። አንዷ ይዘት ፈጣሪ 12፣ ሌላዋ 15 ሽያጭ ማምጣታቸው ግን የመጀመሪያዋን ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም። ሦስቱ ይዘት ፈጣሪዎች በመጀመሪያው፣ ሌሎቹ ሦስቱ በሦስተኛው ሳምንት እንዲጀምሩ ቢደረግ፣ ሽያጩ በሁለቱም ጊዜ ከፍ ማለት አለማለቱ ተጨማሪ ማስረጃ ይሆናል። በሳሎኖችና በሱቆች በኩል የሚያልፈው ሽያጭ ደግሞ ለእነርሱ የተላከው ዕቃ ለብቻው ካልተመዘገበ ከሦስቱም መለኪያዎች ውጭ ይቀራል።

ማጠቃለያ

የቅናሽ ኮድ ጠቃሚ ምልክት ነው፤ ሽያጭን ሁሉ የሚያይ ዐይን ግን አይደለም። በምሳሌው እንደታየው ኮዱን ብቻ ያመነ ድርጅት ትርፍ ያስገኘለትን ሥራ ያቋርጣል፤ ይዘት ፈጣሪውም ያመጣውን ሽያጭ ግማሽ ያህል ያጣል። በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄና ከበዓል ሰሞን የራቀ የአራት ሳምንት የመነሻ መዝገብ ይህን ጉድለት በእጅጉ ያጠብባሉ። ሁለቱም መዘጋጀት ያለባቸው ግን ውሉ ከመፈረሙና የመጀመሪያው ቪዲዮ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ያልተመዘገበ መነሻ በኋላ ተመልሶ አይገኝም።