የጉርድ ፎቶ ጀርባን ነጭ ማድረግ፣ ፀጉሩን ሳይቆርጡ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት የሚሠራ ወጣት፣ ፈዛዛ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት የተነሳች ደንበኛ ፎቶ ለሥራ መታወቂያ ነጭ ጀርባ እንዲያደርግለት ተሰጠው። ፎቶሾፕ ሴትየዋን በራሱ እንዲለይ አዘዘና የቀረውን አጠፋ። ሲያትመው የአፍሮ ፀጉሯ በመቀስ የተከረከመ ካርቶን መሰለ፤ ዙሪያውንም ቀጭን ሰማያዊ መስመር ከበበው። ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ሦስቱም አልሆነም።

ስህተቱ ፀጉሩን ለመቁረጥ መሞከሩ ነበር። ጥምዝ ፀጉር ጫፉ ላይ ከመጋረጃው ጋር ይቀላቀላል፤ አንዱ ፒክሰል ግማሹ ፀጉር፣ ግማሹ ጨርቅ ነው። መቁረጫ መስመር የለውም።

አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው። ፎቶውን ሁለት ሌየር ያደርጋል። የላይኛውን ይደብቅና ታችኛውን፣ ፀጉሩ ጥቁር ከሆነ፣ በ Desaturate ቀለም አልባ ያደርገዋል። ከዚያ Levels ከፍቶ በነጩ ጠብታ መምረጫ ፀጉሩ አጠገብ ያለውን መጋረጃ ይጫናል። መጋረጃው ይነጣል፤ ጥቁሩ ፀጉር ከነጫፉ ይቀራል።

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። መብራቱ ከአንድ ወገን ከመጣ መጋረጃው በሌላው ወገን ይጠቁራል፤ ብሩሁን ቦታ ከተጫኑ ጥላው ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከፀጉሩ አጠገብ ጠቆር ያለውን የጨርቅ ክፍል ይምረጡ፤ ፀጉሩን ራሱን ግን እንዳይነኩ። ከዚያ Info ሠሌዳ ላይ ያረጋግጡ፤ በጀርባው የትም ቢጠቁሙ ሦስቱም ቁጥሮች 255 መሆን አለባቸው። ዓይን 245ን ነጭ ነው ብሎ ያልፋል፤ ሕትመቱ ግን ያሳብቃል። ቀጫጭኖቹ የፀጉር ጫፎች ከጠፉ ብርሃኑ በዝቷልና አንድ እርምጃ ይመለሱ።

ከዚያ የላይኛውን ሌየር ገልጦ ማስክ ያደርግበታል። ፊት፣ ጆሮ፣ አንገትና ልብስ በጠራ ጠርዝ ይቀራሉ። ፀጉሩ ላይ ግን ለስላሳ ብሩሽ ይዞ ማስኩን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ጫፎቹ ከታችኛው ሌየር እንዲታዩ። ጆሮ ላይ ሰማያዊ ነጸብራቅ ከቀረ፣ በ Color ሁነታ አዲስ ሌየር ከፍቶ ከጉንጭ በወሰደው ቀለም በስሱ ይቀባዋል።

ዘዴው ከፈዛዛ ጀርባ ወደ ነጭ ሲሆን ነው የሚሠራው። ጥቁር መጋረጃ ሲነጣ ፀጉሩም አብሮ ይነጣል፤ ሽበትም በብርሃኑ ይበላል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ትከሻው ከጀርባው ጋር ይዋሃዳል፤ ወጣቱ እንዲህ ሲያጋጥመው ደንበኛው ጠቆር ያለ ልብስ ለብሶ ዳግም እንዲነሳ ይጠይቃል።

ፎቶው ለአሜሪካ ፓስፖርት ወይም ቪዛ ከሆነ ግን ጨርሶ አይንኩት። የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር የተቀየረ ፎቶ አይቀበልም፤ ሰውየውን ነጭ ግድግዳ ፊት፣ ጥላው እንዳያርፍበት ራቅ አድርገው ያንሱት።