በአድራጎት ላይ የተመሠረተ የቃለ መጠይቅ ነጥብ መስጫ ቅጽ አዘገጃጀት

በቅጥር ቃለ መጠይቅ ቅጾች ላይ «መልካም ጠባይ»፣ «በራስ መተማመን» እና «የመግባባት ችሎታ» የሚሉ መመዘኛዎች በብዛት ይገኛሉ። ፈታኞች እነዚህን ቃላት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ስለሚረዷቸው ለአንድ መልስ የተራራቀ ነጥብ ይሰጣሉ። ተወዳዳሪው ቅሬታ ሲያቀርብም ነጥቡን የሚያስረዳ ማስታወሻ አይገኝም። ይህ ጽሑፍ መመዘኛውን ከጠባይ ወደ አድራጎት፣ ማለትም ሰውየው አደረግሁ ወዳለው ነገር፣ የማሸጋገሪያውን መንገድ ያሳያል።

ለማሳያ ያህል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በአንድ ወረዳ የነዋሪነት መታወቂያ አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ ይቀጠራል እንበል። የቅጹ አዘጋጅ በመጀመሪያ ሥራውን በቅርብ ከሚያውቁ ኃላፊዎችና ሠራተኞች በጎ ወይም መጥፎ ውጤት ያስከተሉ ገጠመኞችን ይሰበስባል። ይህን ዘዴ ጆን ፍላናጋን እ.ኤ.አ. በ1954 በሰፊው አስተዋውቆታል። ፓትሪሺያ ስሚዝና ሎርን ኬንዳል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ማጣሪያ ጨመሩበት፦ ገጠመኞቹ ለሌላ ቡድን ይሰጡና ቡድኑ እያንዳንዱን በሚስማማው መመዘኛ ሥር ይመድባል። ምደባው ከመጀመሪያው ጋር ያልተስማማ ገጠመኝ ይወገዳል፤ አሻሚ መሆኑ ታውቋልና።

ከተጣሩት ገጠመኞች ጥያቄና መለኪያ ይወጣል። ጥያቄው «ሰነዱ ያልተሟላ ባለጉዳይ ሲቆጣ ያስተናገዱበትን አንድ ጊዜ ይንገሩን» የሚል ይሁን። ባለጉዳዩን «ሌላ ቀን ይምጡ» ብሎ መመለስ 1 ነጥብ ያሰጣል። የጎደለውን ሰነድ ለይቶ መንገር 3፣ የጎደለውን ጽፎ መስጠትና ከየት እንደሚገኝ መጠቆም 5 ያሰጣል።

ሦስት ፈታኞች ሳይመካከሩ 5፣ 3 እና 3 ሰጡ እንበል። የመጀመሪያው ማስታወሻ «ተረጋግቶ መለሰ» ይላል። የሁለተኛው «የጎደለውን ነገርኳቸው አለ፤ ከየት እንደሚገኝ አልጠቀሰም» ይላል፤ የሦስተኛውም ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያው ማስታወሻ ስለ ሰውየው ሁኔታ እንጂ ስላደረገው ነገር አይናገርም። ስለዚህ ፈታኙ ለ5 የሚያበቃ የተወዳዳሪውን ንግግር መጥቀስ አለበት፤ ካልቻለ ነጥቡን ያርማል። የቀድሞው ነጥብ ግን አይሰረዝም፤ አዲሱ ከነምክንያቱ በጎኑ ይጻፋል። ቅሬታ ሰሚው ውሳኔው እንዴት እንደተደረሰበት ሊከታተል የሚችለው በዚህ መዝገብ ነው።

ዘዴው ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ የሥራ ልምድ የሌለው አዲስ ምሩቅ የሚተርከው ገጠመኝ ላይኖረው ይችላል። ልምድ በማይጠየቅበት መደብ ለሁሉም ተወዳዳሪዎች «ቢገጥምዎ ምን ያደርጋሉ» የሚለውን ጥያቄ በዚያው መለኪያ መጠቀም ይሻላል። ሁለተኛ፣ የፈታኞች መስማማት የምርጫውን ትክክለኛነት አያረጋግጥም፤ ሦስቱም በተሳሳተ መመዘኛ ሊስማሙ ይችላሉ። ይህን ለማወቅ የተቀጠሩትን ሰዎች የቃለ መጠይቅ ነጥብ ከኋለኛው የሥራ አፈጻጸማቸው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።